መቶ ሺህ ብር በ30 ዓመት፦ ነጠላና ድርብ ወለድን በራስ እጅ አስልቶ ማወዳደር

ሁለት ሰዎች በአንድ ቀን፣ በአንድ ባንክ፣ በተመሳሳይ የወለድ ምጣኔ እኩል ገንዘብ አስቀምጠው ከ30 ዓመት በኋላ የአንዱ ተቀማጭ የሌላውን ከእጥፍ በላይ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ልዩነቱ የሚመጣው ወለዱ በተከፈለበት ቀን ከሚሄድበት ቦታ ነው። ወለዱ ዋናው ገንዘብ ላይ ተደምሮ በሚቀጥለው ጊዜ ራሱ ወለድ የሚያፈራ ከሆነ ድርብ ወለድ ይባላል፤ ከዋናው ገንዘብ ተለይቶ የሚወጣና ስሌቱ ሁልጊዜ ወደ መጀመሪያው ተቀማጭ የሚመለስ ከሆነ ደግሞ ነጠላ ወለድ ነው። ይህ መመሪያ ሁለቱን በአንድ ምሳሌ ላይ ደረጃ በደረጃ ያሰላል፣ ከዚያም የእርስዎ ሂሳብ በየትኛው መንገድ እየሄደ እንደሆነ ከባንክ መግለጫዎ ላይ እንዴት እንደሚለዩ ያሳያል።

አንደኛ ደረጃ፦ ምሳሌውን መወሰን

የምንነሳው ከ100,000 ብር ነው። የወለድ ምጣኔው በዓመት 7 በመቶ፣ ጊዜው 30 ዓመት ነው። 7 በመቶን የመረጥኩት በዘፈቀደ አይደለም፤ የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ በ2010 ዓ.ም. መጀመሪያ ባንኮች ለቁጠባ የሚከፍሉትን ዝቅተኛ ወለድ ከ5 ወደ 7 በመቶ ከፍ ያደረገ በመሆኑ ብዙ አንባቢ በደብተሩ ላይ የሚያውቀው ቁጥር ነው። በእውነቱ ዓለም ምጣኔው ለ30 ዓመት ሳይነቃነቅ አይቆይም፤ እዚህ ግን የሁለቱን አሰላል ልዩነት ብቻ ለይተን ለማየት ስለምንፈልግ ሌላውን ሁሉ እንዳለ እናቆየዋለን።

ነጠላ ወለድ በባንክ መስኮት ላይ በዚህ ስሙ ተጽፎ እምብዛም አይገኝም። በተግባር የሚገጥመን ግን በየጊዜው ነው። በጊዜ የተገደበ ተቀማጭ ያለው ሰው ወለዱ በየዓመቱ ወደ ሌላ ሂሳቡ እንዲዛወርለት ካዘዘ፣ ወይም ውሉ ሲያበቃ ዋናውን ብቻ አድሶ ወለዱን ካወጣ፣ ወይም የቁጠባ ወለዱን በየዓመቱ እየቆጠረ ካነሳ፣ ገንዘቡ የሚያድገው በነጠላ ወለድ ነው። ንጽጽሩ ፍትሐዊ እንዲሆን የነጠላ ወለዱ ባለቤት ያወጣውን ወለድ እንዳልበላው፣ ወለድ በማይከፈልበት ተንቀሳቃሽ ሂሳብ ውስጥ እንዳከማቸው አድርገን እንቁጠር። ወለዱን ለቤት ኪራይ ወይም ለልጅ ትምህርት ቤት ክፍያ ያዋለ ሰው በዚያ ተጠቅሟልና ከዚህ በታች የሚታየው ልዩነት ለእርሱ ሁሉም ኪሳራ አይደለም።

ሁለተኛ ደረጃ፦ የመጀመሪያዎቹን ዓመታት በእጅ ማስላት

ነጠላው ቀላል ነው። የ100,000 ብር 7 በመቶ 7,000 ብር ነው፤ በየዓመቱ የሚጨመረው ይኸው 7,000 ብር ብቻ ነው። በአንደኛው ዓመት መጨረሻ 107,000፣ በሁለተኛው 114,000፣ በሦስተኛው 121,000 እያለ በእኩል እርምጃ ይሄዳል።

በድርቡ የመጀመሪያው ዓመት ምንም ልዩነት የለውም፤ 107,000 ብር ነው። በሁለተኛው ዓመት ግን ወለዱ የሚሰላው በ107,000 ላይ ስለሆነ 7,490 ብር ይሆናል። ትርፉ 490 ብር የመጣው ካለፈው ዓመት 7,000 ብር ወለድ 7 በመቶ ነው። ሂሳቡ 114,490 ላይ ይደርሳል። በሦስተኛው ዓመት ወለዱ 8,014 ብር ከ30 ሳንቲም ነው፤ ይህን ከፋፍለው ቢያዩት 7,000 ብሩ ከዋናው ገንዘብ፣ 980 ብሩ ከሁለቱ ዓመታት ሰባት ሰባት ሺህ ብር ወለድ፣ ቀሪው 34 ብር ከ30 ሳንቲም ደግሞ ከዚያች 490 ብር የመጣ ነው። አሁን ኢምንት የምትመስለው ይህች 34 ብር ከ30 ሳንቲም በኋለኞቹ ዓመታት የሚታየው ዕድገት ምንጭ ናት፤ በየዓመቱ በወለድ ወለድ ላይ ሌላ ወለድ እየተደረበ ይሄዳል።

ከዚህ በላይ በእጅ መቀጠል አያስፈልግም። ሦስቱን ዓመታት በወረቀት የሠራ ሰው ግን ከዚህ ቀጥሎ ኤክሴሉ የሚያወጣውን ቁጥር በጭፍን አይቀበልም፤ የመጀመሪያዎቹን ረድፎች አይቶ ልክ መሆናቸውን ማረጋገጥ ይችላል።

ሦስተኛ ደረጃ፦ ሠላሳውን ዓመት በኤክሴል መዘርጋት

ባዶ ገጽ ይክፈቱና ከታች ያለውን በየቦታው ያስገቡ። ከሁለት ነጥቡ በፊት ያለው የሴሉ ስም ሲሆን፣ ከእሱ በኋላ ያለው ደግሞ በውስጡ የሚጻፈው ነው። በስልክ ላይ የሚሠራው ጉግል ሺትስም ይህንኑ አጻጻፍ ይቀበላል።

```
F1: 0.07
A2: 0
B2: 100000
C2: 100000
A3: =A2+1
B3: =B2+$B$2*$F$1
C3: =C2*(1+$F$1)
D3: =C3-B3
E3: =C3-C2
```

ከዚያ ከ`A3` እስከ `E3` ያለውን ረድፍ መርጠው እስከ 32ኛው ረድፍ ድረስ ወደታች ይጎትቱት፤ 32ኛው ረድፍ 30ኛው ዓመት ነው። `B` ነጠላውን፣ `C` ድርቡን፣ `D` በመካከላቸው ያለውን ልዩነት ያሳያሉ፤ `E` ደግሞ ድርቡ በዚያ ዓመት ብቻ ያገኘውን ወለድ ያወጣል።

ሁለት ስህተቶች እዚህ ላይ ይደጋገማሉ፤ ሁለቱም ራሳቸውን ያጋልጣሉ። ምጣኔውን `0.07` በማለት ፈንታ `7` ብለው ከጻፉ በአንደኛው ዓመት ድርቡ ወደ 800,000 ብር ይዘላል። የዶላር ምልክቶቹን ከዘለሉ ደግሞ ረድፉን ወደታች ሲጎትቱ ፎርሙላው ምጣኔውን ከባዶ ሴል መፈለግ ይጀምርና የድርቡ ዓምድ 107,000 ላይ ተገትሮ ይቀራል። ሁሉም ልክ ከሆነ የሚከተሉትን ቁጥሮች ያገኛሉ።

| ዓመት | ነጠላ (ብር) | ድርብ (ብር) | ልዩነት (ብር) |
|---|---|---|---|
| 5 | 135,000.00 | 140,255.17 | 5,255.17 |
| 10 | 170,000.00 | 196,715.14 | 26,715.14 |
| 20 | 240,000.00 | 386,968.45 | 146,968.45 |
| 30 | 310,000.00 | 761,225.50 | 451,225.50 |

ሰንጠረዡ ላይ ቆም ብሎ ማየት የሚገባው የልዩነቱን ዓምድ ነው። በ30 ዓመት ከተፈጠረው 451,225 ብር ልዩነት ውስጥ በመጀመሪያዎቹ አሥር ዓመታት የተገኘው 26,715 ብር፣ ማለትም ከመቶ ስድስት እጅ እንኳ የማይሞላ ነው። በመጨረሻዎቹ አሥር ዓመታት ብቻ ግን ከ304,000 ብር በላይ፣ ከጠቅላላው ሁለት ሦስተኛው ተጨምሯል። ስለዚህ በአምስተኛው ዓመት ላይ ሆኖ «ልዩነቱ አምስት ሺህ ብር ብቻ ነው፤ ወለዱን ባወጣው ምን ይጎዳኛል» የሚል ሰው ስሌቱ አልተሳሳተም፤ የተሳሳተው በዚያ ቁጥር 30ኛውን ዓመት መገመቱ ላይ ነው። በ`E` ዓምድ መጨረሻ ያለውንም ይመልከቱ፤ ድርቡ በ30ኛው ዓመት ብቻ 49,799 ብር ከ80 ሳንቲም ወለድ ያገኛል። ነጠላው በዚያው ዓመት ያገኘው እንደ ወትሮው 7,000 ብር ነው።

አንድን ዓመት ብቻ ለይቶ ማወቅ ለሚፈልግ ሠላሳ ረድፍ መዘርጋት ግድ አይደለም። በማንኛውም ባዶ ሴል ላይ `=100000*(1+0.07)^30` ብሎ መጻፍ የድርቡን ውጤት፣ `=100000*(1+0.07*30)` ብሎ መጻፍ ደግሞ የነጠላውን ውጤት በአንድ ጊዜ ይሰጣል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ዓመቱ የሚቀመጥበት ቦታ ነው፤ በነጠላው ዓመቱ ምጣኔውን ያባዛል፣ በድርቡ ግን ብዜቱ ስንት ጊዜ እንደሚደጋገም ይወስናል።

አራተኛ ደረጃ፦ ወለዱ በዓመት ስንት ጊዜ ይደመራል?

እስካሁን ወለዱ በዓመት አንድ ጊዜ እንደሚደመር ነው የወሰድነው። ባንኩ በየወሩ የሚደምር ከሆነ 7 በመቶው ለ12 ተካፍሎ በየወሩ ይሰላል፤ 30 ዓመት ደግሞ 360 ወር ይሆናል።

```
=100000*(1+0.07/12)^360
```

ውጤቱ 811,650 ብር ገደማ ነው፤ በዓመት አንዴ ከሚደመረው በ50,000 ብር ያህል ይበልጣል። በዓመት ሲታይ የ7 በመቶው ተቀማጭ እንደ 7.23 በመቶ ሆኖ ሠርቷል ማለት ነው። ይህን ያየ ሰው በየቀኑ ቢደመርማ የበለጠ ይገኛል ብሎ መጠበቁ አይቀርም፤ ግን ጭማሪው በፍጥነት ይደክማል። ወለዱ በየቀኑ ይቅርና በየሴኮንዱ ቢደመር እንኳ በ30 ዓመት የሚደርሰው ከ816,620 ብር አያልፍም። ከዓመት ወደ ወር መውረድ ለውጥ አለው፤ ከወር ወደ ቀን መውረዱ ግን በዚህ ምጣኔ ከ5,000 ብር ያነሰ ነገር ነው፤ ባንክ ለመምረጥ ምክንያት አይሆንም።

አምስተኛ ደረጃ፦ የራስን ሂሳብ መፈተሽ

አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ስለሆነ ቀስ ብለን እንሂድ። ሁለት ተከታታይ ወራት የሚያሳይ የሂሳብ መግለጫ ከባንክዎ ይውሰዱ፤ በእነዚያ ወራት ምንም ገቢ ወይም ወጪ ያልተደረገበት ሂሳብ ቢሆን ይመረጣል። የሁለተኛው ወር ወለድ ከመጀመሪያው በለጠ ወይስ አልበለጠም ብሎ በቀጥታ ማወዳደር ትክክለኛ መልስ አይሰጥም፤ ምክንያቱም የወራቱ የቀን ብዛት ይለያያል።

ምሳሌውን እንከተል። 100,000 ብር በ7 በመቶ የቀን ወለዱ በ365 ሲካፈል 19 ብር ከ18 ሳንቲም ነው። የመጀመሪያው ወር 31 ቀን ቢሆን ወለዱ 594 ብር ከ52 ሳንቲም ይሆናል። ከዚህ ላይ በስድስተኛው ደረጃ የምናየው 5 በመቶ የወለድ ግብር፣ 29 ብር ከ73 ሳንቲም፣ ተቀንሶ ቀሪው 564 ብር ከ79 ሳንቲም ሂሳቡ ላይ ይደመራል። ሁለተኛው ወር 30 ቀን ቢሆን ወለዱ 578 ብር ከ59 ሳንቲም ነው። ሁለቱን ወራት ብቻ ያየ ሰው ወለዱ ቀነሰ ብሎ ወደ ባንኩ ሊሮጥ ይችላል። ነገር ግን 578.59 ለ30 ቀን ሲካፈል በቀን 19 ብር ከ29 ሳንቲም ይሆናል፤ ካለፈው ወር በ11 ሳንቲም ጨምሯል። ይህች 11 ሳንቲም ባለፈው ወር የተደመረው ወለድ በዚህ ወር ራሱ ወለድ እያፈራ መሆኑን ታረጋግጣለች።

ስለዚህ ደንቡ ይህ ነው፤ የእያንዳንዱን ወር ወለድ፣ ግብር ሳይቀነስ ያለውን፣ በወሩ የቀን ብዛት ያካፍሉ። የቀኑ ወለድ በትንሹም ቢሆን እየጨመረ ከሄደ ሂሳቡ በድርብ ነው። ሳንቲሙ ሳይለወጥ ለበርካታ ወራት ከቆየ ግን ሁለት ነገሮችን ይጠይቁ። አንደኛው ባንኩ ወለዱን በየወሩ እያሰላ በየስድስት ወሩ ወይም በየዓመቱ ብቻ የሚደምር መሆኑን ነው፤ እንዲህ ከሆነ ጭማሪው የሚታየው ከድምሩ ቀን በኋላ ነው። ሁለተኛው ወለዱ ወደ ሌላ ሂሳብ እንዲሄድ የተሰጠ የቆየ ትእዛዝ መኖር አለመኖሩን ነው። ሂሳቡን ሲከፍቱ የተፈረመበት ቅጽ ላይ ምልክት የተደረገበትን ከዓመታት በኋላ የሚያስታውስ ጥቂት ሰው ነው።

ሌላም ወጥመድ አለ። አንዳንድ ሂሳብ ወለድ የሚያስበው በወሩ ውስጥ በታየው ዝቅተኛ ቀሪ ሂሳብ ላይ ነው። በዚህ ዓይነት ሂሳብ ለሁለት ቀን ብቻ 40,000 ብር ወጥቶ ቢመለስ የወሩ ሙሉ ወለድ በ60,000 ብር ላይ ይሰላል። የቀን ወለድዎ በድንገት ወርዶ በሚቀጥለው ወር ከተመለሰ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ይህ ነው።

ስድስተኛ ደረጃ፦ ግብሩን ማስገባት

የፌዴራል ገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 በአገር ውስጥ የገንዘብ ተቋም ከሚቀመጥ ቁጠባ በሚገኝ ወለድ ላይ 5 በመቶ ግብር ደንግጓል፤ ባንኩ ራሱ ቆርጦ ያስቀራል። የግብር ሕግ ስለሚሻሻል በስሌቱ ውስጥ መግባት ያለበት በራስዎ መግለጫ ላይ ተቆርጦ የሚታየው መጠን ነው። በ5 በመቶው ስንሄድ ከ7 በመቶ ወለድ እጅ የሚቀረው 6.65 በመቶ ስለሆነ `F1` ላይ `0.0665` ብለው ይጻፉ፤ ገጹ በሙሉ ራሱን ያስተካክላል። ቀጣዮቹ ደረጃዎች ከግብር በፊት ባለው ምጣኔ ስለሚሰሉ ውጤቱን ካዩ በኋላ `F1`ን ወደ `0.07` ይመልሱት።

ነጠላው ከ310,000 ወደ 299,500 ይወርዳል፤ የቀነሰው 10,500 ብር ከተከፈለው ግብር ጋር እኩል ነው። ድርቡ ግን ከ761,225 ወደ 689,963 ብር ገደማ ይወርዳል። የጎደለው ከ71,000 ብር በላይ ሲሆን፣ በ30 ዓመት ውስጥ በእርግጥ የተከፈለው ግብር 31,000 ብር ያህል ብቻ ነው። ቀሪው 40,000 ብር ማንም አልወሰደውም፤ በግብር የተቆረጠው ገንዘብ ሂሳቡ ውስጥ ቆይቶ ቢሆን ኖሮ ያፈራው የነበረ ወለድ ነው። በድርብ ወለድ ከመንገድ ላይ የሚወጣ ማንኛውም ገንዘብ፣ ግብርም ሆነ የአገልግሎት ክፍያ ወይም የራስ ወጪ፣ በዚህ መልክ ከራሱ በላይ ይጎትታል። በ10ኛው ዓመት ላይ ለአንድ ጉዳይ 20,000 ብር ያወጣ ሰው፣ ከግብር በፊት ባለው ስሌት፣ በ30ኛው ዓመት የሚያጣው 77,394 ብር ነው።

ሰባተኛ ደረጃ፦ የዋጋ ንረትን ከጎኑ ማስቀመጥ

761,225 ብር የሚለው ቁጥር ከ30 ዓመት በኋላ ምን ይገዛል የሚለው ሌላ ጥያቄ ነው። የዋጋ ንረትም የሚሄደው በድርብ መንገድ ነው፤ የዘንድሮው ጭማሪ የሚሰላው በአምናው የጨመረ ዋጋ ላይ ነውና። ንረቱ ልክ እንደ ወለዱ በየዓመቱ 7 በመቶ ቢሆን፣ የድርቡ ባለቤት ከ30 ዓመት በኋላ የያዘው 761,225 ብር ዛሬ 100,000 ብር የሚገዛውን ያህል ይገዛል፤ አላተረፈም፣ አልከሰረምም። የነጠላው 310,000 ብር ግን ዛሬ 40,724 ብር የሚገዛውን ያህል ብቻ ይገዛል። ነጠላ ወለድ በእኩል እርምጃ እየሄደ ሩጫው ከሚፋጠን ዋጋ ጋር ሊደርስ አይችልም።

ንረቱ ከወለዱ ሲበልጥ ደግሞ ድርቡም አያድንም። በ2014 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ዓመታዊው የዋጋ ንረት ከ30 በመቶ በላይ ሆኖ ተመዝግቧል፤ እንዲህ ባለ ዓመት በ7 በመቶ የተቀመጠ ገንዘብ በየትኛውም አሰላል የመግዛት አቅሙን ያጣል፤ ድርቡ የሚያደርገው ጉዳቱን መቀነስ ብቻ ነው። ስለዚህ ገጹ ላይ አንድ ዓምድ ይጨምሩና የ`C`ን ዓምድ በንረቱ ብዜት እያካፈሉ ይመልከቱ፤ ንረቱን `F2` ላይ ካስቀመጡ በ`G3` የሚጻፈው `=C3/(1+$F$2)^A3` ነው።

ስምንተኛ ደረጃ፦ ከፍ ያለ ነጠላ ወይስ ዝቅ ያለ ድርብ?

በተግባር የሚገጥመው ምርጫ አብዛኛውን ጊዜ እኩል ምጣኔ ያላቸው ሁለት አማራጮች አይደሉም። አንድ ባንክ ለጊዜ ገደብ ተቀማጭ 9 በመቶ ይሰጥና ወለዱን በየዓመቱ ወደ ተንቀሳቃሽ ሂሳብ ያዛውራል እንበል፤ የቁጠባው ሂሳብ ደግሞ 7 በመቶ በድርብ ይከፍላል። የትኛው ይሻላል የሚለው የሚወሰነው ገንዘቡ ስንት ዓመት እንደሚቆይ ነው። በ8ኛው ዓመት መጨረሻ የ9 በመቶው ነጠላ 172,000፣ የ7 በመቶው ድርብ ደግሞ 171,818 ብር ከ62 ሳንቲም ናቸው፤ በ180 ብር ገደማ ብቻ ይለያያሉ። በ9ኛው ዓመት ነጠላው 181,000 ላይ ሲሆን ድርቡ 183,845 ብር ደርሶ አልፎታል፤ ከዚያ በኋላ ነጠላው አይደርስበትም። ከስምንት ዓመት በታች ለሚቀመጥ ገንዘብ 9 በመቶው፣ ከዚያ በላይ ለሚቆይ ደግሞ 7 በመቶው ይሻላል። ይህን በራስዎ ቁጥሮች ለማየት በ`B3` ያለውን `$F$1` በከፍተኛው ምጣኔ ተክተው፣ ለምሳሌ `=B2+$B$2*0.09` ብለው ጽፈው፣ ወደታች ይጎትቱና የ`D` ዓምድ ከአሉታዊ ወደ አዎንታዊ የሚለወጥበትን ዓመት ይፈልጉ።

ከሁለቱም የሚሻል ሦስተኛ መንገድ አለ፤ ብዙ ሰው የሚያልፈው ስለማይጠይቀው ነው። የ9 በመቶው የጊዜ ገደብ ተቀማጭ ሲያበቃ ዋናውና ወለዱ አንድ ላይ ሆነው እንዲታደሱ ማዘዝ ይቻላል፤ ያን ጊዜ ነጠላ የነበረው ድርብ ይሆናል። በውሉ ቅጽ ላይ ስለ እድሳት የሚጠይቀውን መስመር ፈልገው «ዋናው ገንዘብ ከነወለዱ ይታደስ» የሚል ትእዛዝ ያስሰፍሩ፤ ትእዛዙ የተሰጠበትን ቀን የያዘ ግልባጭም ይውሰዱ። እድሳቱ በየትኛው ምጣኔ እንደሚሆን፣ ማለትም በቀድሞው ውል ወይስ በእድሳቱ ቀን ባለው ዋጋ፣ ከመፈረምዎ በፊት ይጠይቁ፤ የመጀመሪያው እድሳት ባለፈ ማግስትም መግለጫውን አውጥተው የአዲሱ ውል ዋና ገንዘብ 100,000 ሳይሆን የተቆረጠው ግብር ተቀንሶ የተደመረው ወለድ ያለበት ሆኖ መጻፉን ይመልከቱ።